ክኒኑን እየዋጥኩ እንዴት አረገዝኩ? የተረሳውን ፍሬ ሳይሆን ባዶውን ቀን ስለ መቁጠር

አንዲት ደንበኛዬ ጠዋት መጥታ የእርግዝና መመርመሪያ ገዛች። ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ሁለት መስመር ያወጣውን መመርመሪያ በሶፍት ጠቅልላ ይዛዋለች። «እኔ እኮ ክኒን አቋርጬ አላውቅም» አለችኝ። አልዋሸችም። ሦስት ዓመት ሙሉ በየወሩ ከእኛ መድኃኒት ቤት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ስትወስድ አውቃታለሁ።

ወንበር ስቤ አስቀመጥኳትና ካሌንደር አወጣን። ያለፈውን ወር ቀን በቀን ቆጠርን። መልሱ እዚያው ውስጥ ነበር። እሷ የቆጠረችው የረሳችውን ፍሬ ብቻ ነው። «ሁለት ፍሬ ነው የረሳሁት» ትላለች። እኔ የቆጠርኩት ደግሞ ሰውነቷ ያለ ሆርሞን የቆየበትን ቀን ነው። ሁለቱ ቁጥሮች በጣም ይለያያሉ። የእሷን ወር በኋላ አብረን እንቆጥረዋለን። መጀመሪያ ግን ክኒኑ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ። እሱን ካወቅሽ ከታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ ራሳቸው ይገቡሻል።

ፓኬቱ ውስጥ ያለው ነገር

አብዛኛው ሰው የሚወስደው ፓኬት 28 ፍሬ አለው። 21ዱ ሆርሞን ያለባቸው ናቸው። ብዙ ጊዜ ነጭ ናቸው። የመጨረሻዎቹ 7 ደግሞ ቡናማ ሲሆኑ ሆርሞን የለባቸውም። እኛ አገር ብዙዎቹ ላይ ያለው የብረት ማዕድን ነው። ደም እንዳያንስሽና በየቀኑ የመዋጥ ልማድሽ እንዳይቋረጥ ነው የተጨመሩት።

ነጩ ክኒን ዋናው ሥራው እንቁላል እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ይህን ግን በአንድ ቀን አይሠራውም። እንቁላል የምታመርተውን እጢ በደንብ ለማስተኛት 7 ነጭ ፍሬ በተከታታይ መዋጥ ያስፈልጋል። ነጩ ሲቆም ደግሞ እጢዋ ቀስ በቀስ ትነቃለች። በቡናማዎቹ 7 ቀናት ውስጥ እንቁላል ማደግ ይጀምራል። ነገር ግን ለመውጣት ሳይደርስ አዲሱ ፓኬት ተጀምሮ መልሶ ያስተኛዋል።

ስለዚህ ሰባት ባዶ ቀን ችግር የለውም። ከሰባት ሲያልፍ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ዘጠኝና አሥር ከደረሰ አንዳንድ ሴት ላይ እንቁላሉ ይወጣል። ከሁሉም የሚያሰጋው መርሳት እንግዲህ ብዙ ሰው እንደሚያስበው በፓኬቱ መሃል ያለው አይደለም። ከቡናማዎቹ በፊት ያለው የመጨረሻው ነጭና ከቡናማዎቹ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ነጭ ናቸው። እነዚህን መርሳት ባዶውን ጊዜ ያስረዝመዋል።

በጣም ብዙ ጊዜ የማየው ስህተትም እዚሁ ላይ ነው። «የወር አበባዬ እስኪመጣ ጠብቄ ነው አዲሱን የምጀምረው» የሚሉ አሉ። «እስኪያልቅልኝ» የሚሉም አሉ። አይጠበቅም። የመጨረሻው ቡናማ በተዋጠ ማግስት፣ ደም ኖረም አልኖረም፣ አዲሱ ፓኬት ይጀመራል። ቡናማዎቹን ብትረሺ ግን ምንም አይደለም። የረሳሻቸውን ጣያቸውና ቀጥዪ። ብቻ አዲሱን በቀኑ ጀምሪ።

እርምጃ አንድ፦ የምትወስጂው የትኛውን ነው?

ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጠው ክኒን ሌላ ነው። ሁሉም ፍሬ አንድ ዓይነት ነው፣ ቡናማ የለውም። ከዚያ ዓይነት ውስጥ በብዙው ላይ 3 ሰዓት ብቻ ማሳለፍ እንኳ እንደ መርሳት ይቆጠራል። አንቺ የያዝሽው እሱ ከሆነ ከዚህ በታች ያለው የሰዓት አቆጣጠር ለአንቺ አይሆንም። የሰጠሽን ባለሙያ ጠይቂ። ሌሎቻችን እንቀጥል።

እርምጃ ሁለት፦ ስንት ሰዓት አለፈ?

ክኒንሽን ማታ 3 ሰዓት ላይ ትወስጂ ነበር እንበል። ማክሰኞን ረሳሽና ረቡዕ ጠዋት ትዝ አለሽ። ወዲያው ዋጪው። የረቡዕን ደግሞ ማታ በሰዓቱ ውሰጂ። ያስታወስሽው ረቡዕ ማታ ከሆነ ሁለቱን አንድ ላይ መዋጥ ይቻላል። ትንሽ ሊያቅለሸልሽሽ ይችላል እንጂ አይጎዳሽም። አንድ ፍሬ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም መዋጥ ከነበረብሽ ሰዓት 48 ሰዓት ካልሞላ፣ ኮንዶምም ሌላም ተጨማሪ ነገር አያስፈልግሽም።

48 ሰዓት ከሞላ፣ ማለትም በተከታታይ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ነጭ ከተረሳ፣ መንገዱ ይለያል። አንዱን ፍሬ ወዲያው ዋጪ። ሌሎቹን የተረሱትን ጣያቸው። «አመለጠኝ» ብለሽ ሦስትና አራት በአንድ ጊዜ አትዋጪ። የቀረውን በየቀኑ በሰዓቱ ቀጥዪ። ከዚያ በኋላ 7 ነጭ ፍሬ በተከታታይ እስክትውጪ ድረስ ኮንዶም ተጠቀሚ፣ ወይም ከግንኙነት ታቀቢ።

ጤና ጣቢያ «ሦስት ፍሬ ካልተረሳ አያሰጋም» ብለውሽ ሊሆን ይችላል። ተሳስተው አይደለም። ሦስትን መነሻ የሚያደርግ መመሪያም አለ። እኔ ግን ሁለትን ነው የምመክረው። ሰው የረሳውን ሲቆጥር ብዙ ጊዜ አንድ ያሳንሳልና።

እርምጃ ሦስት፦ የተረሳው የትኛው ሳምንት ላይ ነው?

ይህ ሁለትና ከዚያ በላይ ለረሳች ሴት ነው። ፓኬቱን አውጥተሽ ተመልከቺ።

የመጀመሪያው ሳምንት ከሆነ፣ ይኼ ከሁሉም የከፋው ነው። ገና ከሰባቱ ባዶ ቀን መውጣትሽ ነው፣ እጢዋም ግማሽ ነቅታለች። ባለፉት 5 ቀናት ውስጥ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ካደረግሽ ፖስት ፒል ያስፈልግሻል። «ግንኙነቱ እኮ ከመርሳቴ በፊት ነው» ትይኝ ይሆናል። የወንድ ዘር ግን ማህፀን ውስጥ እስከ 5 ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ዘሩ ቀድሞ ገብቶ እንቁላሉን ይጠብቃል።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ከሆነ፣ ከዚያ በፊት ያሉትን 7 በትክክል ከዋጥሽ፣ ኮንዶሙና መቀጠሉ ይበቃል።

ሦስተኛው ሳምንት ከሆነ ቡናማዎቹን ዝለያቸው። የቀሩትን ነጮች ጨርሰሽ በማግስቱ አዲሱን ፓኬት ጀምሪ። ቡናማዎቹን ብትውጪ የረሳሽው ቀን ሰባቱ ላይ ይደመራል። የዚያን ወር ደም ላታዪ ትችያለሽ። አትደንግጪ፣ ምንም አይጎዳም። ብዙ ሴቶች ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይለወጣል፤ «ደሙ የት ይሄዳል?» ይሉኛል። የትም አይሄድም። ሆርሞኑ ስላልቆመ የማህፀን ግድግዳው አይፈርስም፣ ስለዚህ የሚወርድ ነገር አይኖርም።

ካስመለሰሽ

ክኒን ሆድ ውስጥ ገብቶ ወደ ደም ለመግባት ጊዜ ይፈልጋል። ከዋጥሽ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ እንዳልዋጥሽው ቁጠሪና ሌላ ነጭ ዋጪ። አንዳንድ መመሪያ 2 ሰዓት ይላል። ረዘም ያለውን መያዝ አይጎዳም።

ሌላውን ፍሬ ከየት ታመጫለሽ? ለዚህ ነው ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ፓኬት ቤት አስቀምጪ የምለው። ትርፍ ከሌለሽ ከያዝሽው ፓኬት ቀጣዩን ነጭ ዋጪ። ነጮቹ አንድ ቀን ቀድመው ያልቃሉ። ቡናማዎቹንም አንድ ቀን ቀድመሽ ትጀምሪያለሽ፣ አዲሱንም እንደዚያው። ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። «ፓኬቴ ሁልጊዜ ሰኞ ነው የሚጀምረው» ብላ እስከ ሰኞ የምትጠብቅ ሴት ሳታውቀው ስምንተኛ ባዶ ቀን ትጨምራለች። ቀኑን ሳይሆን ቡናማውን ቁጠሪ።

ከ3 ሰዓት በኋላ ካስመለሰሽ ክኒኑ ገብቷል፣ ተይው።

ማስመለሱ ወይም ውሃ የመሰለ ከባድ ተቅማጥ ሁለት ቀን ከዘለቀ ግን ሁለት ፍሬ እንደረሳሽ ቁጠሪው። ክኒኑን ባታቋርጪውም ምን ያህሉ እንደገባ አይታወቅም። ወደ እርምጃ ሦስት ተመለሺና የትኛው ሳምንት ላይ እንዳለሽ እዪ። ኮንዶሙም ሕመሙ ባለበት ጊዜ ሁሉ ይቀጥላል፣ ከተሻለሽ በኋላም 7 ነጭ እስክትውጪ። አንድ ሁለቴ ለስለስ ያለ ሰገራ ይህ ውስጥ አይገባም።

እዚህ ላይ ስለ ጾም አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋት ክኒን የሚወስዱ ሴቶች ጾም ሲገባ ይቸገራሉ። አንዳንዷ እስኪፈታ ታቆየዋለች፣ አንዳንዷ በባዶ ሆድ ውጣ ያስመልሳታል፣ አንዳንዷ ጭራሽ ትተወዋለች። ክኒኑን ከምግብ ጋር መዋጥ ግዴታ አይደለም። ከእራት በኋላ ሲወሰድ ግን ማቅለሽለሹ ይቀንሳል። ስለዚህ ለዐቢይ ጾምም ለረመዳንም ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ነው። ሲዛወር ወደፊት አይገፋም፣ ይቀደማል። ዛሬ ጠዋት ከዋጥሽ የነገውን ዛሬ ማታ ዋጪና ከዚያ በየማታው ቀጥዪ። ያን ጊዜ ምንም ባዶ ሰዓት አይፈጠርም።

ሳትረሺም የሚያከሽፉ መድኃኒቶች

ሰዓቱን ጠብቃ፣ አንድም ሳትረሳ፣ ሳያስመልሳት ያረገዘች ሴት ስትገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቃት «ሌላ ምን ትወስጃለሽ?» ብዬ ነው። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ጉበት ሆርሞኑን ቶሎ ቶሎ እንዲያቃጥል ያደርጋል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒንም እንደዚያው። ክኒኑ ይዋጣል፣ ደም ውስጥ ግን አይቆይም። ይህ ውጤት መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም 4 ሳምንት ያህል ይዘልቃል።

ከእነዚህ አንዱን የምትወስጂ ከሆነ ክኒን ላይ አትመኪ። በክንድ የሚቀበረውም በእነዚህ መድኃኒቶች ይዳከማል። ሆርሞን የሌለው ሉፕና በየሦስት ወሩ የሚወጋው ዲፖ ግን አይነኩም። የሚጥል በሽታ መድኃኒትሽን ግን ለወሊድ መቆጣጠሪያው ብለሽ ፈጽሞ እንዳታቆሚ።

ስለ አሞክሳሲሊንና መሰል ተራ አንቲባዮቲኮች ብዙ ይወራል። ክኒኑን አያከሽፉም። ካስመለሱሽ ወይም ከባድ ተቅማጥ ካመጡብሽ ነው ችግሩ።

የደንበኛዬ ወር

አሁን ወደ ካሌንደሩ እንመለስ። ፓኬቷ ሰኞ ይጀምራል። በሦስተኛው ሳምንት አርብ ማታ የመጨረሻዋን ክኒን ዋጠች። ቅዳሜና እሁድ ገጠር ሠርግ ነበረባት፣ ክኒኑን አዲስ አበባ ረስታው ሄደች። ሁለት ነጭ ቀሩ።

ሰኞ ስትመለስ «ነጩ አልፎኛል፣ ያለሁት ቡናማው ላይ ነው» ብላ ቡናማዎቹን ጀመረች። ሰባቱን ጨረሰች። ደም አየች። ደሙን ስላየች «ደህና ነኝ» አለች። በቀጣዩ ሰኞ አዲሱን መጀመር ነበረባት። አልያዘችም ነበርና ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ ገዝታ ማታ ጀመረች።

እንቁጠረው። ቅዳሜና እሁድ ሁለት ባዶ ቀን። የቡናማው ሰባት ሲደመር ዘጠኝ። የጠፋችው ሰኞ ስትጨመር አሥር። እሷ የምታውቀው ሁለት ፍሬ እንደረሳችና አንድ ቀን እንደዘገየች ነው። ሰውነቷ የሚያውቀው አሥር ቀን ሙሉ ሆርሞን እንዳላገኘ ነው።

በዚያ ላይ ሐሙስ ማታ የበላችው ምግብ ተመረዘና ክኒኑን ከዋጠች አንድ ሰዓት ሳይሞላ አስመለሳት። «ውጬዋለሁ» ብላ አልደገመችውም። እንግዲህ ከአሥር ባዶ ቀን በኋላ እስከ ሐሙስ ድረስ የገቡላት የማክሰኞውና የረቡዑ ሁለት ፍሬ ብቻ ናቸው። ለማስተኛት ሰባት ያስፈልጋል። ቅዳሜ ከባሏ ጋር ተገናኙ። ኮንዶም አልነበረም፣ ለምን ይኖራል? ክኒን እየወሰደች ነው።

ከዚህ ውስጥ የትኛውም ቦታ ላይ ማስቆም ይቻል ነበር። ሰኞ ከሠርጉ ስትመለስ አንድ ነጭ ዋጥ አድርጋ፣ ቡናማዎቹን ጥላ፣ ማክሰኞ አዲሱን ብትጀምር ባዶው ሁለት ቀን ብቻ ሆኖ ያልቅ ነበር። ያ ካመለጣት፣ ማክሰኞ አዲሱን ስትጀምር 7 ነጭ እስክትውጥ ኮንዶም ብትይዝ ቅዳሜም ይሸፈን ነበር። ያም ካመለጣት፣ ከቅዳሜው በኋላ ፖስት ፒል ነበር።

እኔን ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሦስት ዓመት ክኒኑን ስንሸጥላት ይህን አቆጣጠር ማናችንም አልነገርናትም። ፓኬቱ ውስጥ ያለው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፣ ፊደሉም ደቃቅ ነው።

ፖስት ፒልን በትክክል ለመጠቀም

በቶሎ መዋጥ ነው ዋናው። 72 ሰዓት ይባላል፣ እስከ 5 ቀንም ሊረዳ ይችላል። ግን በየቀኑ እየደከመ ይሄዳል። የሚሠራው እንቁላሉ እንዳይወጣ በማዘግየት ነው። ከወጣ በኋላ ሊመልሰው አይችልም። ስለዚህ «ነገ እገዛለሁ» አይባልም። ከዋጥሽው በኋላ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ ሌላ ገዝተሽ ድገሚው።

ፖስት ፒል ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን አይሸፍንም። እንቁላሉን ስላዘገየው በቀጣዮቹ ቀናት ሊወጣ ይችላል። በዚያው ቀን ወደ መደበኛው ክኒንሽ ተመለሺ፣ 7 ቀንም ኮንዶም ያዢ። ከዚህ ይልቅ አስተማማኝ የሚሆነው በ5 ቀናት ውስጥ ሆርሞን የሌለውን ሉፕ ማስገባት ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ይሸፍንሻል። ፍሬ መቁጠር ለማይሆንላት ሴት ይህን ደጋግሜ እነግራታለሁ።

መቼ ልመርመር?

ቡናማው ሳምንት ላይ ደም ማየት እርግዝና አለመኖሩን አያረጋግጥም። ያ ደም ሆርሞኑ ሲቆም የሚመጣ ነው፣ እውነተኛ የወር አበባ አይደለም። ደንበኛዬን ያዘናጋት አንዱ እሱ ነው። በሌላ በኩል ቡናማዎቹን ዘለሽ ደም ባታዪ ያ እርግዝና ማለት አይደለም።

አስተማማኙ መንገድ ካሰጋሽ ግንኙነት 3 ሳምንት ቆጥሮ መመርመር ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን የሚመረምሩ አሉ። ያን ጊዜ «የለም» ቢል ምንም አይነግርሽም፣ የእርግዝናው ሆርሞን ሽንት ውስጥ ለመታየት ገና ነው። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ይሻላል። እስከዚያ ድረስ ክኒኑን አታቋርጪ።

«ካረገዝኩ ክኒኑ ልጁን ይጎዳዋል» ብለው በፍርሃት የሚያቋርጡ አሉ። ሳታውቅ በእርግዝና መጀመሪያ ላይ የዋጠችው ክኒን በጽንሱ ላይ ጉዳት እንደሚያመጣ አልታየም። መመርመሪያው «አለ» ካለ ግን ያን ቀን ክኒኑን አቁመሽ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። በአንድ በኩል የታችኛው ሆድሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ደም ከፈሰሰሽ ወይም ራስሽን ካዞረሽ ነገ ሳትዪ በዚያው ሰዓት ሂጂ፤ ጽንሱ ከማህፀን ውጭ ሊሆን ይችላል።

ደንበኛዬ በኋላ ተመልሳ መጥታ ለታናሽ እህቷ አንድ ፓኬት ወሰደች። ቡናማዎቹን ሰባት ፍሬዎች በእስክሪብቶ አክብባ፣ ከጎናቸው «ከዚህ አይለፍ» ብላ ጻፈችበት።